ዛሬ አትምጣ

ረቡዕ ጠዋት አቶ ባዳቾ ፀሐይ ልሙቅ አሉ። አምስት ቀን ሙሉ ከመደባቸው ሳይነሱ፣ እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሻቸው አጥሮ የከረሙ ሰው ናቸው። ቀደም ሲል ሶዶ ሐኪም ቤት ተወስደው ልባቸው ደክሟል ተብሎ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ተመልሰዋል። ልጃቸው ዓመለወርቅ ከጎረቤቷ ከሙሉሐረግ ጋር ደግፋ ደጅ አወጣቻቸው፤ ግድግዳው ሥር ቁርበት አነጠፈችላቸው። አንድ ኩባያ አጥሚት ጨለጡና ጨምሩልኝ አሉ። ዓመለወርቅ ያን ጊዜ ወደ ጓዳ ገብታ ዕንባዋን ጠረገች።

«ሚልክያስ ዛሬ ይመጣል አልሽ?» አሉ ሽማግሌው በወላይትኛ።

«ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ ብሏል።»

«ተይው። ልጁን ከሥራው አታፈናቅይው። እኔ ደህና ነኝ። ቅዳሜ ይምጣ።»

ዓመለወርቅ አላመነታችም። ሚልክያስ በዘጠኝ ዓመት የሚያንሳት ወንድሟ ነው፤ እናታቸው ከሞተች ጀምሮ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። አሁን ሶዶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራል። ከሁለት ወር በፊት አባባ ጠንቶበታል ብላ አስጠርታው ክፍል ጥሎ ሲደርስ፣ ሽማግሌው ቁጭ ብለው ቆጮ ሲበሉ አገኛቸው። ሚልክያስ በሰው ፊት ምንም አላላትም። ሊሄድ ሲል ግን መንገድ ላይ አቁሟት «ለእንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ ከሥራ አታስወጪኝ። ዳይሬክተሩ ማስጠንቀቂያ ጽፎልኛል» አላት። ያደረገችው ነገር ሁሉ አንድ ቀን ሳይጠቀስ፣ ይቺ ቃል እሾህ ሆና ቀርታባታለች። ሐሙስና ዓርብ ደግሞ ፈተና እንደሚፈትን ታውቃለች። ዛሬም መጥቶ አባቱን ፀሐይ ላይ ሲስቁ ካገኛቸው ምን እንደሚል ከወዲሁ ታያት።

ቤቱ ከሃላሌ ከተማ ቁልቁል የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፤ ዙሪያው እንሰት፣ ከእንሰቱ ጀርባ ገደል። ኔትወርክ እዚያ ድረስ አይወርድም። ከቤቱ ከፍ ብሎ ያለው የቡና ማሳ ጫፍ ላይ አንድ መስመር ብቅ ይላል፣ ተመልሶ ይጠፋል። በትክክል መደወል የፈለገ ዳገቱን ሃያ ደቂቃ ወጥቶ የጸሎት ቤቱ አጥር ጋ መቆም አለበት። ለመልካም ዜና ማን ዳገት ይወጣል? ዓመለወርቅ ቡናው ጋ ቆማ ጻፈች። ቤት ውስጥ የሚነጋገሩት በወላይትኛ ነው፤ ጽሑፍ የተማረችው ግን በአማርኛ ስለሆነ መልእክት የምትጽፈው ሁልጊዜ በአማርኛ ነበር።

«አባባ ዛሬ ሻል ብሎታል። አጥሚት ጠጥቶ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል፣ ከሙሉሐረግ ጋር ይጫወታል። ዛሬ አትምጣ። የተማሪዎቹን ፈተና ጨርስና ቅዳሜ ና፣ አታስብ።»

ላከችው። ከጽሑፉ ሥር «በመላክ ላይ» የሚል ወጣ። ትንሽ ጠበቀች። ስልኩን ወደ ላይ አነሳችው፣ ወደ ግራ አዞረችው። «በመላክ ላይ» እንዳለ ነው። አባቷን ብዙ ጊዜ ብቻቸውን መተው ስላልፈለገች፣ ሲችል ይሄዳል ብላ ስልኩን ኪሷ ከትታ ወረደች። ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር።

ሰባት ሰዓት ላይ ሽማግሌው ወደ ቤት አስገቡኝ አሉ። መደቡ ላይ ሳይደርሱ ጉልበታቸው ከዳቸው። ትንፋሻቸው እንደ ተቀደደ ወናፍ ይጮህ ጀመር፤ ከንፈራቸው ጠቆረ። ሙሉሐረግ ቀና አድርጋ ደረቷ ላይ አስደገፈቻቸው።

«ሂጂ!» አለቻት ዓመለወርቅን። «ወንድምሽን ጥሪው። አቶ ጌታነህንም ጥሪ። እኔ አለሁ።»

ዓመለወርቅ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ዳገቱን ሮጠችው። አርባ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እንዲያ ሮጣ አታውቅም። ጸሎት ቤቱ አጥር ጋ ስትደርስ ደወለች። ሳይጠራ ተቋረጠ። ደግማ ደወለች፤ ተቋረጠ። ሦስተኛም። የባትሪው ምልክት ቀይ ሆኗል። ከዚያ በኋላ ጻፈች፤ የጻፈችውም አራት ቃል ብቻ ነበር።

«አባባ ጠንቶበታል። ቶሎ ና።»

ይሄኛው ሄደ። «ተልኳል» ሲል በዓይኗ አየችው። የጠዋቱ መልእክት ከላይ እንደተቀመጠ ነበር፤ ሥሩ ምን እንደሚል ልብ አላለችም። ብትልስ ምን ታስብ ነበር? ጠዋት የተጻፈ ጠዋት የተጻፈ ነው። የጸሎት ቤቱን ሽማግሌ አቶ ጌታነህን ጠርታ አብረው ወረዱ። ቤት ስትደርስ ስልኩ ጠፍቶ ነበር። ለመሙላት ከተማ መውጣት ያስፈልጋል፤ ማንም ስለ ስልክ አላሰበም።

ከሰዓት በኋላው ረዘመ። አቶ ባዳቾ ልባቸውን እየሳቱ፣ እየተመለሱ፣ በተመለሱ ቁጥር አንድ ነገር ይጠይቃሉ።

«ሚልክያስ ደረሰ?»

«መንገድ ላይ ነው አባባ። ልኬበታለሁ። በሌ ከተማን ሳያልፍ አይቀርም።»

በዘጠኝ ሰዓት በሌን ሳያልፍ አይቀርም አለች። በአሥር ሰዓት ሃላሌ ደርሶ ሞተር እየፈለገ ይሆናል አለች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደጅ ወጥታ መንገዱን አየችና ስትመለስ፣ አባቷ እንደገና ሳይጠይቋት ዓይን ዓይኗን አዩአት።

አንዴ አእምሯቸው ጥርት አለላቸው። አቶ ጌታነህ እጃቸውን ይዘው ነበር። «ስሙኝ» አሉ ሽማግሌው። «ይሄ የላይኛው ቡና የዓመለወርቅ ይሁን። እኔን ስታስታምም ሳታገባ ቀረች። የቀረው መሬት የሚልክያስ ነው። እሱ ሲመጣ ራሴ እነግረዋለሁ። ልጄ ነው፣ አይከፋውም።»

ራሳቸው አልነገሩትም። አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አረፉ።

አቶ ጌታነህ በራሳቸው ስልክ ከዳገቱ ላይ ደውለው ሚልክያስን አገኙት። ሲመለሱ ፊታቸው ግራ ተጋብቶ ነበር። «ቤቱ ነው ያለው» አሉ ዝግ ብለው። «ሶዶ። ራት ሊበላ ሲል ነው ያገኘሁት።»

ዓመለወርቅ ልቅሶዋን አቆመች። ከአባቷ ሞት እኩል፣ ምናልባትም ለዚያች ደቂቃ ከሞቱም በላይ፣ ይቺ ቃል ወጋቻት። ቶሎ ና እየተባለ ቤቱ ቁጭ ብሎ ራት!

ሚልክያስ ሐሙስ ጠዋት ከባለቤቱ ከኢየሩሳሌም ጋር ደረሰ። አስከሬኑ ላይ ወድቆ አለቀሰ። ሰው አንስቶ ሲያስቀምጠው ግን ቀና ብሎ እህቱን ፈለገ። ለቀስተኛው ድንኳኑን ሞልቶ ነበር።

«ለምን አትምጣ አልሽኝ?» አላት።

«ምን?»

«መኪና ውስጥ ገብቼ ነበር! ቦርሳዬን ይዤ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ነበር! ሻል ብሎታል፣ ዛሬ አትምጣ ብለሽ ያስወረድሽኝ አንቺ ነሽ!»

«እኔ ቶሎ ና ነው ያልኩህ! ዳገት ለዳገት ሮጬ፣ ቶሎ ና ብዬ ጻፍኩልህ!»

«አዎ፣ እሱን ጻፍሽ። ከዚያ በኋላ ደግሞ አትምጣ አልሽኝ። ይኸውልሽ!» ስልኩን አውጥቶ ለአጎታቸው ለአቶ ደገፉ ሰጣቸው። አቶ ደገፉ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት። ቶሎ ና የሚለው በሀበሻ ሰዓት ሰባት ተኩል ገደማ የገባ ነው። አትምጣ የሚለው ከሥሩ ነው፣ ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ የገባ።

ዓመለወርቅ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ አየች። «እሱን ጠዋት ነው የጻፍኩት» አለች። «ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ላይ። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው።»

«ስልክሽን አምጪው።»

አመጣች። ስልኩ ሞቷል። ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ። ያን ቀን ሬሳ አስጠብቀው የሚከራከሩበት ጊዜ አልነበረምና ወደ ቀብሩ ሄዱ፤ ወንድምና እህት በአንድ መቃብር ግራና ቀኝ ቆመው፣ ሳይተያዩ አባታቸውን ቀበሩ።

ከቀብር መልስ ነገሩ አደገ። አቶ ጌታነህ የሟቹን ቃል ለቤተሰቡ መናገር ግዴታቸው ስለሆነ የላይኛውን ቡና ነገር ተናገሩ። አቶ ደገፉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ማንም በግልጽ ምንም አላለም፤ ግን ድንኳን ውስጥ ሹክሹክታው አልቀረም። ወንድሟን ከመንገድ መለሰችው፣ ኑዛዜውን እሱ በሌለበት ሰማች። ሙሉሐረግ እቃ ስታጥብ የሰማችውን እያለቀሰች ነገረቻት። ዓመለወርቅ ሃያ ዓመት ያጠበችው የአባቷ ልብስ፣ ያደረችባቸው ሌሊቶች፣ ይኼ ሁሉ ለአንዲት የቡና ማሳ የተሸረበ ተንኮል ሆኖ ሲወራ በጆሮዋ ደረሰ።

አንድ ጊዜ ራሷ ሄዳ ፊቱ ቆመች። «ሚልኪ፣ እስቲ አስበው። ቶሎ ና ካልኩህ በኋላ በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ሰው ድኖ፣ አጥሚት ጠጥቶ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ይጫወታል? አላሰብክም?»

ሚልክያስ «ደውዬ ነበር። ስልክሽ ዝግ ነው» አለ፤ ፊቱን አዞረ።

እሑድ ከጸሎት በኋላ ሽማግሌዎቹ ሁለቱንም ጠሩ። የዓመለወርቅ ስልክ ከተማ ተልኮ ተሞልቶ መጥቷል። አቶ ጌታነህ ደግሞ በሃላሌ ስልክ የሚጠግነውን ሳሚን አስመጥተውታል። ሁለቱ ስልኮች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

የእህቲቱ ስልክ ላይ «ዛሬ አትምጣ» ከላይ፣ «ቶሎ ና» ከታች። የወንድምየው ስልክ ላይ «ቶሎ ና» ከላይ፣ «ዛሬ አትምጣ» ከታች። ያው ቃል፣ ያው ፊደል፣ ተገልብጦ። ሽማግሌዎቹ ከአንዱ ወደ ሌላው አዩ።

«ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል?» አሉ አቶ ደገፉ።

«አይዋሹም አባቴ» አለ ሳሚ። «የእርሷ ስልክ የሚያሳየው የጻፈችበትን ሰዓት ነው። የእሱ ደግሞ የደረሰበትን። የጠዋቱ ረጅም ነው፤ በአማርኛ ሲጻፍ አንድ መልእክት የሚይዘው ሰባ ፊደል ያህል ነው፤ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። ካለፈ ስልኩ ራሱ ይቆርጠውና ሁለት ሆኖ ይሄዳል። የሚቀበለው ስልክ ሁለቱ ቁራጮች እስኪሟሉለት ምንም ላያሳይ ይችላል። አንዱን ይዞ ሌላውን ይጠብቃል። ሁለተኛው ሲደርስ ይገጥመውና፣ አሁን እንደመጣ አድርጎ ከታች ያስቀምጠዋል።»

«እና ከጠዋት እስከ ሰባት ሰዓት የት ነበር?»

«እሱን እኔም አላውቅም። አንዱ ቁራጭ እርሷ ስልክ ላይ ቀርቶ፣ ዳገት ስትወጣ ኔትወርክ ሲያገኝ ወጥቶ ይሆናል። መንገድ ላይም ሊቆም ይችላል። አጭሩ ግን አንድ ራሱን ስለሆነ ቀድሞት አለፈ።» ሳሚ ከዚያ ባይናገረው ይሻል የነበረውን ጨመረ። «በወላይትኛ በላቲን ፊደል ቢጻፍ ኖሮ መቶ ስልሳ ይይዛል። ያን ያህል ነገር በአንድ ሊሄድ ይችል ነበር። ወይ በጊዜው ይደርሳል፣ ወይ እስከ ጭራሹ ይቀራል። ቢያንስ አይቆራረጥም።»

ዓመለወርቅ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ መጻፍ አልተማረችም። በእሷ ጊዜ ትምህርት ቤት አይሰጥም ነበር። ይህን ማንም አላነሳውም።

ሽማግሌዎቹ ፈረዱ። ማንም አልዋሸም፤ ጥፋቱ የኔትወርክ ነው፤ ሟች ለዓመለወርቅ የሰጡት ቡና የእርሷ ነው። ተነሱ፣ ተቃቀፉ ተባሉ። ተቃቀፉ። አቶ ጌታነህ ጸለዩ። ከደጅ የቆሙ ሴቶች እልል አሉ። አቶ ደገፉ ሳይቀሩ «እኔም ጠርጥሬሽ ነበር፣ ይቅር በይኝ» አሏት። ዓመለወርቅ የወንድሟን ትከሻ ስታቅፍ ትከሻው እንደ እንጨት ነበር።

በማግስቱ ሚልክያስና ኢየሩሳሌም ወደ ሶዶ ሊመለሱ ሲነሱ ሸኘቻቸው። ኢየሩሳሌም ቀድማ ሄደች። ወንድምና እህት ዳገቱን አብረው ወጡ። ጸሎት ቤቱ አጥር ጋ ሲደርሱ ሚልክያስ ቆመ።

«ጠይቀሽኝ ነበር» አለ። «በአሥራ አምስት ደቂቃ ሰው ይድናል ወይ፣ አላሰብክም ወይ ብለሽ።»

«ተወው አሁን። ተነጋግረን ጨርሰናል።»

«አልጨረስንም። አስቤ ነበር። መኪናው አልሞላም ነበር፤ ረዳቱ ሰው እየጠራ ነው። አትምጣ የሚለው መልእክትሽ ገባ። ሳነበው የሆነ ነገር ትክክል እንዳልሆነ ገብቶኛል። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ ዓመሌ፣ ሞኝ አይደለሁም። አንድ ጊዜ ደወልኩ። አልሠራም። ደግሜ አልደወልኩም።» ፊቱን ወደ አጥሩ መለሰ። «ደስ አለኝ። ገባሽ? ስለዳነ አይደለም ደስ ያለኝ። ስለማልሄድ ነው። አትምጣ የሚል ጽሑፍ በእጄ ስለያዝኩ። ቦርሳዬን አንስቼ ወረድኩ፣ ቤቴ ሄጄ ፈተና አዘጋጀሁ።»

ዓመለወርቅ ልታጽናናው የምትችልበት ቃል እንዳለ ታውቃለች፤ ልጅ ሆኖ ሲወድቅ አንስታው የምትለው ዓይነት። ያ ቃል አልመጣ አላት። በሱ ፈንታ የመጣው የራሷ ነበር።

«እኔም ጠዋት አትምጣ ብዬ የጻፍኩት እንዳትቆጣኝ ነው» አለች። «ያን ጊዜ መንገድ ላይ አቁመህ ስለተቆጣኸኝ። አባባ ቅዳሜ ይምጣ አለኝ፣ እውነት ነው። ግን ባይለኝም እጽፈው ነበር። ፈርቼህ ነበር።»

«አዝለሽ ያሳደግሽኝን?»

«አንተን።»

ነፋሱ የጸሎት ቤቱን ቆርቆሮ አንኳኳ። ኢየሩሳሌም ከወዲያ ማዶ መኪና መጣ እያለች ተጣራች።

«እስከ መጨረሻው ጠይቆኛል?» አለ ሚልክያስ።

ልትዋሽለት ትችል ነበር። ሳይሰቃይ፣ ሳያውቅ ሄደ ልትለው ትችል ነበር። አራት ቀን ሙሉ በሰው ፊት ውሸታም ስትባል ከርማለችና አሁን አንዲትም ውሸት ከአፏ አልወጣ አለ።

«ጠይቆሃል» አለች። «መንገድ ላይ ነው እያልኩት ነው የሞተው።»

ሚልክያስ ራሱን ነቀነቀ፤ እንደ መስማማት ያለ ንቅነቃ ነበር። ጉንጯን ሳይስማት ወደ መኪናው ሄደ።

ለወላይታ አዲስ ዓመት፣ ለጊፋታ፣ አልመጣም። ሥራ በዝቶብኛል ብሎ በአቶ ደገፉ በኩል ላከ፤ ለእርሷ የተለየ ቃል አልነበረም። በኅዳር ቡናው ደረሰ። ዓመለወርቅ ከሙሉሐረግ ጋር ለቀመችው፤ ያን ዓመት ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቶ ነበር፤ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያደንቅላታል። እሷ ማታ ማታ ጣቷን እያሸች መደቡ ላይ ትቀመጣለች፤ አባቷ የነበሩበት ጎን ባዶ ነው፤ ከሌላው ጎንም የሚመጣ የለም።

ከሶዶ የመጣ ሰው ባገኘች ቁጥር ትጠይቃለች።

«ሚልክያስን አይተኸዋል?»

«አየሁት። ደህና ነው።»

«ስለ እኔ ጠየቀ?»

ሰውየው ትንሽ ያመነታና «ቸኩሎ ነበር» ይላታል።